ከጎረቤት ወደ ምስል፦ በታይል ካርታ ላይ ሥዕልን በሕግ የመምረጥ ዘዴ

አጠቃሎ

ባለሁለት ልኬት የቪዲዮ ጨዋታዎች ሰፊ ሜዳዎቻቸውን የሚገነቡት ታይል ከሚባሉ እኩል መጠን ካላቸው ትናንሽ ካሬ ሥዕሎች ነው። ይህ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ የካርታ ሕዋስ ተገቢው ታይል ከጎረቤቶቹ ሁኔታ በመነሣት በሕግ የሚመረጥበትን ዘዴ ያብራራል። በአንዲት ትንሽ ደሴት ምሳሌነት ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ ዘዴው የሚሳሳትባቸውን ሁኔታዎችና ስሕተቱ የሚታወቅባቸውን ምልክቶችም ይመረምራል።

1. የታይል ካርታ መነሻ

የታይል ካርታ በመጀመሪያ የተፈለገው ለማስታወሻ ቁጠባ ነበር። ኔንተንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው ፋሚኮም 256 በ240 ፒክስል የሆነ ምስል ያሳይ ነበር። ይህ ምስል ለእያንዳንዱ ፒክስል ሁለት ቢት ተመድቦለት በሙሉ ቢቀመጥ 15,360 ባይት ይፈጃል። መሣሪያው ግን ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ታይሎች ከፍሎ 32 ዓምድና 30 ረድፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ለአንድ ገጽ 960 የታይል ቁጥሮችን፣ ማለትም 960 ባይት፣ መያዝ ይበቃዋል፤ የቀለም ምርጫው 64 ባይት ብቻ ይጨምርበታል። ሥዕሎቹ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ደጋግመው ያገለግላሉ።

ዛሬ የማስታወሻ እጥረቱ ቢቀርም አሠራሩ ጸንቶ ቆይቷል፤ ምክንያቱ ግን ተለውጧል። 200 ዓምድና 150 ረድፍ ያለው መካከለኛ ደረጃ 30,000 ሕዋሳት አሉት። ሣር ከውኃ በሚገናኝበት ዳርቻ ሁሉ የቀኝ ጠርዝ፣ የግራ ጠርዝ ወይም የማዕዘን ሥዕል በእጅ እየተመረጠ ቢደረደር ሥራው አድካሚ ይሆናል፤ ከድካሙ የሚከፋው ግን የሚያስከትለው ግትርነት ነው። ሐይቁ አንድ ሕዋስ ወደ ምሥራቅ እንዲሰፋ ሲፈለግ ዳርቻው ሁሉ እንደገና መደርደር ስላለበት፣ ነዳፊው መሻሻል የሚገባውን ደረጃ እንዳለ ይተወዋል።

2. ትርጉምን ከሥዕል መለየት

የዘዴው መሠረት ሁለት ሰንጠረዦችን መለየት ነው። የመጀመሪያው የትርጉም ሰንጠረዥ ሲሆን በእያንዳንዱ ሕዋስ «የብስ» ወይም «ውኃ» የሚል መረጃ ብቻ ይይዛል። ነዳፊው የሚነካው ይህንን ብቻ ነው። ሁለተኛው የሥዕል ሰንጠረዥ የትኛው ታይል እንደሚታይ የሚገልጽ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ከመጀመሪያው ይሰላል።

ልዩነቱ ሳይጠበቅ ሲቀር የሚከተለው ስሕተት የታወቀ ነው። ሕጉ የጎረቤቱን ትርጉም ሳይሆን ቀድሞ የተመረጠለትን ሥዕል የሚያነብ ከሆነ ውጤቱ ሕዋሳቱ በተሰሉበት ቅደም ተከተል ላይ ይወሰናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ዓይነት ካርታ ከላይ ወደ ታች ሲሰላ አንድ መልክ፣ ከታች ወደ ላይ ሲሰላ ሌላ መልክ ይይዛል። ትርጉምን ብቻ የሚያነብ ሕግ ግን በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሠራ አንድ ውጤት ይሰጣል።

3. የደሴቲቱ ምሳሌ

በሚከተለው ሰንጠረዥ `#` የብስን፣ `.` ውኃን ያመለክታል።

```
......
.###..
.####.
..###.
......
```

ቀላሉ ሕግ አራቱን ጎኖች፣ ማለትም ሰሜንን፣ ምሥራቅን፣ ደቡብንና ምዕራብን ብቻ ይመለከታል። እያንዳንዱ ጎን የብስ ወይም ውኃ ስለሆነ 16 ሁኔታዎች ይኖራሉ፤ 16 ታይሎችም ይበቃሉ። ለመንገድ፣ ለአጥርና ለቧንቧ ይህ ተስማሚ ነው። ለደሴቲቱ ግን አይበቃም። በ3ኛው ረድፍ በ4ኛው ዓምድ ያለው ሕዋስ በአራቱም ጎኖቹ የብስ ስላለው ሕጉ ምንም ዳርቻ የሌለውን የመሐል ታይል ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ በሰሜን ምሥራቁ ውኃ አለ። ከበላዩ ያለው ሕዋስ የአሸዋ ጠርዝ በቀኙ ወርዶ፣ ከቀኙ ያለው ሕዋስ የአሸዋ ጠርዝ ደግሞ ከላዩ መጥቶ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው የውስጥ ማዕዘን ይጎድላል። ተጫዋቹ ይህን የሚያየው በዳርቻው መስመር ላይ እንዳለ ትንሽ ስብራት ነው።

ስለዚህ ስምንቱም ጎረቤቶች መታየት አለባቸው። ከሰሜን ተነሥቶ እንደ ሰዓት ዘንግ በመዞር ለጎረቤቶቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እና 128 ይመደባሉ፤ የብስ የሆኑት ብቻ ይደመራሉ። ለተጠቀሰው ሕዋስ ከሰሜን ምሥራቅ በቀር ሁሉም የብስ ስለሆኑ ድምሩ 255 ሲቀነስ 2፣ ማለትም 253 ይሆናል። 253 ከመሐሉ ታይል ቁጥር ከ255 ስለሚለይ የራሱ የውስጥ ማዕዘን ሥዕል ይደርሰዋል።

ስምንት ጎረቤቶች 256 ድምሮችን ይፈጥራሉ። ይህን ያህል ታይል መሣል ግን አያስፈልግም። በ2ኛው ረድፍ በ4ኛው ዓምድ ያለውን ሕዋስ እንመልከት። የብስ ጎረቤቶቹ ደቡብ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ናቸው፤ ድምራቸው 8፣ 16፣ 32 እና 64 ተደምረው 120 ነው። ነገር ግን በምሥራቅ ውኃ ስላለ የቀኙ ጠርዝ በሙሉ በአሸዋ ይሸፈናል፤ ደቡብ ምሥራቅ የብስ ሆነ ውኃ በሥዕሉ ላይ ለውጥ አያመጣም። ከዚህ የሚገኘው ሕግ፣ የማዕዘን ጎረቤት የሚቆጠረው ሁለቱ አጎራባች ጎኖቹ የብስ ሲሆኑ ብቻ ነው የሚል ነው። በዚህ ሕግ 8 ትወጣና ድምሩ 112 ይሆናል።

```
def mask(x, y):
    n, e = land(x, y-1), land(x+1, y)
    s, w = land(x, y+1), land(x-1, y)
    m = 1*n + 4*e + 16*s + 64*w
    if n and e: m += 2 * land(x+1, y-1)
    if s and e: m += 8 * land(x+1, y+1)
    if s and w: m += 32 * land(x-1, y+1)
    if n and w: m += 128 * land(x-1, y-1)
    return m
```

እዚህ `land` ለየብስ 1፣ ለውኃ 0 ይመልሳል። በዚህ ማጣሪያ 256ቱ ድምሮች ወደ 47 ይወርዳሉ። ቁጥሩን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። የብስ ጎን ከሌለ 1፣ አንድ ብቻ ካለ 4፣ ሁለት ትይዩ ጎኖች ካሉ 2 ሁኔታዎች ይገኛሉ። ሁለት አጎራባች ጎኖች ሲኖሩ አንድ ማዕዘን ስለሚቆጠር 8፣ ሦስት ጎኖች ሲኖሩ ሁለት ማዕዘኖች ስለሚቆጠሩ 16፣ አራቱም ሲኖሩ አራት ማዕዘኖች ስለሚቆጠሩ 16 ሁኔታዎች ይገኛሉ። የሁሉም ድምር 47 ነው።

የዘዴው ጥቅም የሚታየው ካርታው ሲለወጥ ነው። በ2ኛው ረድፍ በ5ኛው ዓምድ ያለው ውኃ ወደ የብስ ቢለወጥ፣ እንደገና መሰላት ያለባቸው ራሱና ስምንት ጎረቤቶቹ፣ ማለትም ዘጠኝ ሕዋሳት ብቻ ናቸው። 253 የነበረው 255 ይሆናል፤ 112 የነበረው የ2ኛው ረድፍ 4ኛ ሕዋስ ወደ 124 ይለወጣል፤ በ3ኛው ረድፍ በ5ኛው ዓምድ ያለው ከ112 ወደ 241 ያልፋል፤ አዲሱም ሕዋስ 112ን ይይዛል። የደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቃዊ ማዕዘን አንድ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ተዛወረ ማለት ነው። የካርታው ስፋት 30 ሕዋስ ይሁን 30,000፣ የለውጡ ዋጋ አንድ ነው።

4. ስሕተቶችና ምልክቶቻቸው

የመጀመሪያው ስሕተት በክፍሎች ድንበር ላይ ይታያል። ሰፊ ካርታ ብዙውን ጊዜ ለምሳሌ 32 በ32 ሕዋስ እየሆነ ይከፈልና ተጫዋቹ ሲቀርብ ይጫናል። ሕጉ ገና ያልተጫነውን ጎረቤት እንደ ውኃ ከቆጠረ በሣሩ መካከል የአሸዋ መስመር ይወጣል። ምልክቱ መስመሩ ፍጹም ቀጥ ያለ መሆኑና በየ32 ሕዋሱ መደጋገሙ ነው። መፍትሔው የእያንዳንዱን ክፍል ሥዕል ከማስላት በፊት በዙሪያው ያለውን የአንድ ሕዋስ ስፋት ያለውን የትርጉም መረጃ ማምጣት ነው። በካርታው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ግን የሚመጣ መረጃ የለም። ዓለሙ ከማያው ገጽ ውጭ የሚቀጥል መስሎ እንዲታይ ከተፈለገ ውጪው ከሕዋሱ ጋር አንድ ዓይነት እንደሆነ፣ ደሴት እንዲመስል ከተፈለገ ደግሞ ውኃ እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስሕተት ሥዕሉ እንዳይሰለች ተብሎ ለአንድ ቁጥር ሦስት ወይም አራት ተለዋጭ ታይሎች ሲዘጋጁ ይመጣል። ምርጫው በተራ የዕጣ ቁጥር ከሆነ ነዳፊው አንድ ሕዋስ በነካ ቁጥር የዙሪያው ሣር መልኩን ይለውጣል። ዕጣው ከሕዋሱ የረድፍና የዓምድ ቁጥር ብቻ ከተሰላ ግን ያው ቦታ ሁልጊዜ ያንኑ ተለዋጭ ያገኛል።

5. ሦስተኛው የመሬት ዓይነትና የዘዴው ወሰን

አርባ ሰባቱ ታይሎች የሚያገለግሉት ለሁለት የመሬት ዓይነቶች መገናኛ ነው። ሣር፣ አሸዋና ውኃ በአንድ ነጥብ ሲገናኙ ሕጉ ይፈተናል። እዚህ ላይ ሕዋሱን ሳይሆን አራት ሕዋሳት የሚገናኙበትን ነጥብ መመልከት ይረዳል። የሥዕል ሰንጠረዡ በግማሽ ሕዋስ ይገፋና እያንዳንዱ ታይል በአራት ማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ሕዋሳት ብቻ ያነብባል። ለሁለት የመሬት ዓይነቶች 16 ታይሎች ይበቃሉ፤ ሥዕሉን ማዞር ከተቻለ ደግሞ 6 ብቻ። ብርሃን ከአንድ ወገን በሚመጣበት ወይም ገደል ከፊት ለፊት በሚታይበት ሥዕል ግን ጥላው ስለሚዛባ ማዞር አይቻልም። ይህ አሠራር የሒሳብና የፍልስፍና ሊቁ ሃዎ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ካቀረባቸው ጠርዞቻቸው በቀለም ከሚዛመዱ ካሬዎች ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

ቅናሹ ቢኖርም ዕድገቱ አይቀርም። ሦስት ዓይነቶች 81፣ አራት ዓይነቶች 256 የማዕዘን ጥምረቶችን ይፈጥራሉ። ተግባራዊው መውጫ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመሬት ዓይነቶቹን በደርብ መሣል ሲሆን፣ ውኃ ከሥር፣ አሸዋ በላዩ፣ ሣር ከሁሉ በላይ ሆኖ እያንዳንዱ ደርብ «አለ» ወይም «የለም» የሚለውን ብቻ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሣር ከውኃ ጋር በቀጥታ እንዳይጎራበት መከልከልና በመካከላቸው አሸዋን በግድ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ተጨማሪ ሥዕል ያስወጣል፤ ሁለተኛው የነዳፊውን ነጻነት ይቀንሳል።

በማዕዘን ዘዴ ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ሁኔታ አለ። ሁለት የብስ ሕዋሳት በሰያፍ ብቻ ሲነካኩ ሥዕሉ የብሱን ሊያገናኝ ወይም ውኃውን ሊያገናኝ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚሆነው ሥዕሉ የብስ የተያያዘ አስመስሎ ሲያሳይ የእንቅስቃሴው ሕግ ግን ተጫዋቹን በሰያፍ እንዳያልፍ ሲከለክለው ነው። ስለዚህ ይህ ውሳኔ የሠዓሊው ብቻ መሆን የለበትም።

6. ማረጋገጫ

የጎረቤት ሁኔታዎች 256 ብቻ ስለሆኑ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም፤ ሁሉንም መሞከር ይቻላል። አንድ አጭር መርሐ ግብር 256ቱን ባለዘጠኝ ሕዋስ ሰንጠረዦች አንድ በአንድ ይሠራል፤ የተለያዩት ውጤቶች በትክክል 47 መሆናቸውንና ለእያንዳንዳቸው ታይል መኖሩን ይቆጥራል። ከ47 በላይ ከተገኘ የማዕዘን ማጣሪያው ጎድሏል፤ ከ47 በታች ከተገኘ ከሚገባው በላይ አጣርቷል። ታይል ላልተገኘለት ቁጥር ደማቅ ወይን ጠጅ ካሬ እንዲታይ ማድረግ ጉድለቱን ወዲያው ያጋልጠዋል፤ በዝምታ የመሐሉን ታይል መተካት ግን በ3ኛው ክፍል የታየውን የዳርቻ ስብራት መልሶ ያመጣል።

ይህ ፈተና የሚያረጋግጠው ሕጉ የተሟላ መሆኑን ነው። የ47ቱ ሥዕሎች ጠርዞች በፒክስል ደረጃ መግጠማቸውን ለማየት ሁሉም መገናኛዎች የሚገኙበት አንድ የሙከራ ካርታ ተዘጋጅቶ በዓይን መመርመር ይኖርበታል፤ ሥዕሎቹ በተቀየሩ ቁጥርም ምርመራው መደገም አለበት።