የማተሚያ ቤት ዋጋ እንዴት ይጠየቃል?

«መጽሐፍ ማሳተም ስንት ያስወጣል?» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ማተሚያ ቤት መልሶ ከመጠየቅ ሌላ አማራጭ የለውም። መልስ የሚያገኘው፣ ለምሳሌ ለአንድ የግጥም መድበል፣ እንዲህ ያለው ነው፦

«መጠኑ ኤ5 (ወርዱ 14.8፣ ቁመቱ 21 ሴንቲ ሜትር)፤ 128 ገጽ። ውስጡ ባለ 80 ግራም ነጭ ወረቀት፣ በጥቁር ቀለም ብቻ። ሽፋኑ ባለ 250 ግራም ካርድ፣ በውጭ በኩል ባለ ሙሉ ቀለም፣ የማያብለጨልጭ ላሚኔሽን ያለው። ጥረዛው በሙጫ። የ500 እና የ1000 ቅጂ ዋጋ ለየብቻ ይገለጽልን።»

128 በዘፈቀደ የመጣ ቁጥር አይደለም። በኦፍሴት ሥራ አንድ ትልቅ ወረቀት ከፊትም ከኋላም ታትሞ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ስምንቱ 128 ይሆናል። መድበሉ 130 ገጽ ቢሆን ኖሮ ለሁለት ገጽ ብቻ ተጨማሪ ፕሌትና ወረቀት ያስፈልግ ነበር። አንዲት ግጥም መቀነስ ይረክሳል፤ ገጣሚው ከተስማማ!

ሁለት ብዛት የተጠየቀውም በምክንያት ነው። የፕሌቱና የማሽን ዝግጅቱ ወጪ ለ500ም ለ1000ም ያው ስለሆነ፣ ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ቅጂ ዋጋ ይወርዳል። በተረፈ ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚጸና ካልተገለጸ፣ የሁለት ማተሚያ ቤቶችን ፕሮፎርማ ማነጻጸር ያሳስታል።