የተራራው እሳት በሦስት ደቂቃ

አሽከሩ አርሃ ከጌታው ከሀብቶም ጋር ይወራረዳል። ያለ ልብስ፣ ያለ እሳትና ያለ ምግብ ሱሉልታ ተራራ ላይ ካደረ መሬት፣ ቤትና ከብት ያገኛል። አንድ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነዱለታል፤ አርሃም እሱን እያየ ያነጋል። ሀብቶም ግን «እሳት ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ ኃይሉ የተባለ ባለጸጋ ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን የወጥ ሽታ ብቻ ያሸትታቸዋል። እሳት በማየት የሚሞቅ ከሆነ በሽታም መጥገብ አለባ!

ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መድበል የሚገኘው ይህ ተረት ለአጭር አኒሜሽን ይመቻል፤ ፍሬ ነገሩ በዓይን ይታያልና።

ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው። ለውርርዱ 25፣ ለሌሊቱ 60፣ ለክህደቱ 25፣ ለግብዣው 55፣ ለፍርዱ 15 ሰከንድ መስጠት ይቻላል። በዚህ ልክ የችሎቱ ትዕይንት ቦታ የለውም፤ ሀብቶም ራሱ ከካደ ይበቃል። ሽማግሌውንና ኃይሉንም አንድ ሰው ማድረግ ይሻላል። ያኔ ሽማግሌው ሀብቶም ግብዣቸውን እምቢ የማይላቸው፣ የተከበሩ ሰው መሆናቸው ገና ሲታዩ መታወቅ አለበት።

የገጸ ባሕርያቱ ሥዕል ቀላል የሚሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። በሰከንድ 12 ሥዕል ቢታሰብ እንኳ ፊልሙ 2,160 ሥዕል ይፈልጋል። የነጠላው ጥለት በደቃቅ መስመር ከተሣለ፣ በየሥዕሉ ትንሽ እየተለየ ስክሪኑ ላይ ይርገበገባል፤ አንድ ወጥ የቀለም ሰንበር ይበቃዋል። አርሃ እንደ ዘንግ ቀጭን፣ ሀብቶም በካባው ክብ፣ ሽማግሌው በጋቢያቸው ሦስት ማዕዘን ይሁኑ። ሦስቱንም በጥቁር ሞልቶ አውራ ጣት እስኪያክሉ ማሳነስ ጥሩ መፈተኛ ነው። ማን ማን እንደሆነ ካልተለየ ንድፉ እንደገና ይሠራል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ግን እሳቱ ላይ ነው። ሠዓሊው እሳቱን ለማሳመር አጉልቶት ብርሃኑን አርሃ ፊት ላይ ካሳረፈ፣ ተመልካቹ «እውነትም ሞቆታል» ብሎ ለሀብቶም ይፈርዳል። እሳቱ የነጥብ ያህል ይሁን፤ የአርሃ ገላ እስኪነጋ ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ይቆይ። የሚንቀጠቀጠውም ሁለት ሥዕሎችን በማፈራረቅ ብቻ ነው።

ግብዣውም በዚሁ ልክ ይሠራ። ወጡ ከመጋረጃ ጀርባ ይንተክተክ፤ እንፋሎቱ በእንግዶቹ አፍንጫ ሥር ይለፍ፤ መሶብ ግን በጭራሽ አይታይ። ሁለቱ ትዕይንቶች ከተመሳሰሉ ለሽማግሌው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል።

ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ከመሠራቱ በፊት ንድፎቹ በየሰከንዳቸው ተደርድረው፣ ድምፅ ጠፍቶ፣ ተረቱን ለማያውቅ ልጅ ይታዩለት። «አርሃን ምን አሞቀው?» ተብሎ ሲጠየቅ «እሳቱ» ካለ፣ የሌሊቱ ትዕይንት ከመጀመሪያው ይታረም።