«ክራውን» ጌጥ አይደለም

ምግብ ቤቴ የሚመጡ ደንበኞች አንዳንዴ ቡናቸውን አስቀምጠው የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዘረጉና «እስቲ ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» ይሉኛል። በቅርቡ አንዲት እናት ከጥርስ ሐኪም የተሰጣቸውን የሕክምና ዕቅድ ይዘው መጡ። ቢሮው ውስጥ ያስተረጎመችላቸው የ11 ዓመት ልጃቸው ናት። «ሩት ካናል»ን «ሥሩን ያወጡታል»፣ «ክራውን»ን ደግሞ «ዘውድ» አለቻቸው። እናትየዋ «ጥርሴን ነቅለው ዘውዱን ምን ላይ ሊደፉት ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ በዚሁ ቃል ጥርስ አጥቻለሁ።

እርስዎም እንዲህ ያለ ወረቀት ከደረሰዎ መጀመሪያ የጥርሱን ቁጥር ይፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ የአዋቂ ጥርስ ከ1 እስከ 32 ይቆጠራል። ቆጠራው ከላይ በቀኝ ከመጨረሻው መንጋጋ ይጀምርና ወደ ግራ ሄዶ 16 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ታች ወርዶ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል። የሴትዮዋ ወረቀት ላይ 30 የሚለው ቁጥር ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሦስት ጥርስ ማለት አይደለም፤ ታች በቀኝ ያለ አንድ መንጋጋ ሦስት ሥራ ይሠራለታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሩት ካናል ነው። ጥርሱ አይነቀልም። ሐኪሙ አደንዝዞ ከላይ ይከፍተውና በሥሩ ውስጥ ያለውን የታመመ ነርቭ ጠርጎ ያወጣል፤ ከዚያም ባዶውን ቦታ ይደፍነዋል። ሁለተኛው ቢልድ አፕ ይባላል፤ ክራውኑ የሚይዘው እንዲያገኝ የተበላውን የጥርስ አካል መልሶ መሙላት ነው። ሦስተኛው ክራውን፣ ጥርሱን ዙሪያውን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ነው።

እኔ ከሩት ካናል በኋላ ሕመሙ ሲጠፋልኝ «ለጌጥ ምን ገንዘብ አወጣለሁ» ብዬ የክራውኑን ቀጠሮ ሰረዝኩ። ከወራት በኋላ ቆሎ ስበላ ጥርሴ ቀጭ አለ። ውስጡ የተቦረቦረ መንጋጋ የማኘክን ጫና ካልተሸፈነ አይችልም። ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ስለወረደ ሊተርፍ አልቻለም፤ ተነቀለ። የሩት ካናሉም ገንዘብ አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው «ክራውኑ እስከ መቼ መሠራት አለበት?» ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኢንሹራንሴ የዓመቱን ገንዘብ ከጨረሰ የእኔ ድርሻ ስንት ይሆናል?» የሚል ነው። ወረቀቱ ላይ ኢንሹራንሱ ይከፍላል የተባለው ግምት እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም።

ሜዲኬድ የሚቀበል ቢሮ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀርም ልጅዎን ማስተርጎም የለበትም። ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ።

እናትየዋ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ከተቱና ልጃቸውን «በይ፣ ቆብ ነው የሚባለው» አሏት። የክራውኑንም ቀጠሮ እዚያው ተቀምጠው በስልክ ያዙ።