ሁለቱ ጫፎች ሲመሳሰሉ

የፋብሪካ ማሽኖችን ሁኔታ የሚከታተሉ ትንንሽ መሣሪያዎች የሚመዘግቡበት ቦታ ውስን ነው። ቦታው ሲሞላ መሣሪያው አይቆምም፤ ወደ መጀመሪያው ይመለስና በጣም አሮጌውን መዝገብ እየደመሰሰ በላዩ ላይ ይጽፋል። እያንዳንዱ መዝገብ የተጻፈበትን ሰዓት ይይዛል። እዚህ ሰዓቱን መሣሪያው ከተነሣ ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ እንግለጸው። ስምንት ቦታ ብቻ ያለው መሣሪያ አንድ ቀን ብንከፍተው እንዲህ ያለ ተርታ ልናገኝ እንችላለን፦

```
40 41 43 45 12 18 25 33
```

ቅደም ተከተሉ አልጠፋም፤ ዞሯል እንጂ። አሮጌው መዝገብ 12 መሀል ላይ ገብቷል፣ ከ33 ቀጥሎ ያለው 40 ደግሞ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። 45 እና 12 የሚገናኙበትን ቦታ ስፌት እንበለው።

አሁን 18ን እንፈልግ። ፕሮግራመሮች ባይነሪ ሰርች የሚሉት ዘዴ መሀሉን አይቶ ግማሹን ይጥላል። መሀሉ 45 ነው። የግራው ጫፍ 40 ከ45 ስለሚያንስ የግራው ግማሽ በትክክል የተደረደረ ነው፤ ስፌቱ እዚያ ውስጥ የለም። 18 ደግሞ በ40 እና በ45 መካከል አይገኝም። ስለዚህ ግራውን ትተን ወደ ቀኝ እንሄዳለን፤ የቀሪው መሀል ራሱ 18 ነው። በሁለት እርምጃ ተገኘ። አንድ ሚሊዮን መዝገብ ቢኖርም ከ20 እርምጃ አያልፍም።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ጫፉን ከመሀሉ ጋር አነጻጽረን ስፌቱ በየት በኩል እንዳለ ማወቅ መቻላችን ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ማስጠንቀቂያ ሲልክ ግን ሰዓቶቹ ይደጋገማሉ። እነዚህን ሁለት ተርታዎች እንመልከት፦

```
50 12 50 50 50 50 50
50 50 50 50 50 12 50
```

ሁለቱም በትክክል የዞሩ ተርታዎች ናቸው። የሁለቱም ግራ ጫፍ 50 ነው፣ መሀላቸው 50 ነው፣ ቀኝ ጫፋቸውም 50 ነው። የምንፈልገው 12 ግን በአንዱ በግራ፣ በሌላው በቀኝ ነው። ሦስቱን ቦታ ብቻ ያየ ሰው የቱ ተርታ እጁ ላይ እንዳለ ሊለይ አይችልም።

ድግግሞሽን ያላሰበ ፕሮግራም ግን ሳያመነታ ይወስናል። የግራው ጫፍ ከመሀሉ ስለማይበልጥ ግራው የተደረደረ ነው ይላል፤ 12 በ50 እና በ50 መካከል ስለሌለም ወደ ቀኝ ይሄዳል። በሁለተኛው ተርታ 12ን ያገኛል። በመጀመሪያው ግን እዚያው ያለውን መዝገብ «የለም» ብሎ ይመልሳል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፦ ፕሮግራሙ አይቋረጥም፣ የስህተት መልእክትም አያሳይም። በማይደጋገሙ ቁጥሮች ሲፈተሽ ሁሌም ያልፋል፤ የሚስተው ማሽኑ በተበላሸባት፣ መዝገቡ ከሁሉ በላይ በሚፈለግባት ሰከንድ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነው፦

```
if a[lo] == a[mid] == a[hi]:
    lo += 1
    hi -= 1
```

`lo` እና `hi` የግራና የቀኝ ጫፎች፣ `mid` መሀሉ ናቸው። ሦስቱ እኩል ከሆኑ ግማሹን ለመጣል አንደፍርም፤ ከየጫፉ አንድ አንድ ብቻ እንቀንሳለን። መሀሉ የምንፈልገው ቁጥር እንዳልሆነ አስቀድመን አይተናል፤ ጫፎቹም ከእርሱ ጋር እኩል ስለሆኑ ብንጥላቸው የሚጠፋ ነገር የለም። በመጀመሪያው ተርታ ሁለቱን 50ዎች ስናነሣ `12 50 50 50 50` ይቀራል። አሁን ግራው ጫፍ 12፣ መሀሉ 50 ስለሆነ መንገዱ ግልጽ ነው።

ዋጋው ግን አለ። አንድ ሚሊዮን ቦታ ሁሉ 50 ቢሆንና 12ን ብንፈልግ፣ «የለም» ለማለት 500,000 ያህል እርምጃ ያስፈልጋል። ይህን ብልህ ፕሮግራመር ሊያሻሽለው አይችልም። ምክንያቱም በ50ዎቹ መካከል አንድ 12 በየትኛውም ቦታ ቢገባ ተርታው ትክክለኛ የዞረ ተርታ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቦታ ሳያይ «የለም» ያለ ፕሮግራም 12 እዚያች ቦታ ላይ ቢሆን ተሳስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከማየት ሌላ መንገድ የለም።

የጎደለው ዘዴ ሳይሆን መረጃ ነውና፣ እኔ ብጠየቅ መፍትሔውን የምፈልገው ከአመዘጋገቡ ላይ ነው። መሣሪያው ከሰዓቱ ጎን በእያንዳንዱ መዝገብ አንድ የሚጨምር ተራ ቁጥር ይጻፍ። ተራ ቁጥር አይደገምም፤ ስለዚህ ስፌቱ በ20 ያህል እርምጃ ይገኛል። ስፌቱ ከታወቀ በኋላ ከእርሱ ጀምሮ ተርታው እንደ ማንኛውም የተደረደረ ዝርዝር ስለሚነበብ፣ ሰዓቱ በሌላ 20 እርምጃ ይፈለጋል፤ ሚሊዮኑም 50 ቢሆን ፍለጋው አይዘገይም።