10 ዩሮ ለማግኘት 5110 ዩሮ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ፣ በአንድ የሩሌት ጠረጴዛ ላይ ኳሷ በየዙሩ ጥቁር ላይ ማረፏን አልተው አለች። ጥቁር አሥር ጊዜ፣ ከዚያም አሥራ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሲወጣ በዙሪያው የተሰበሰቡት ቁማርተኞች ከእንግዲህ ቀይ መምጣቱ አይቀርም ብለው ቀይ ላይ ገንዘብ ይከምሩ ጀመር። የተበሉትን ለማስመለስም የሚያስይዙትን ከፍ እያደረጉ ሄዱ። ጥቁር በተከታታይ 26 ጊዜ ወጣ። ቀይ በስንት ጊዜው ብቅ ሲል የብዙዎቹ ገንዘብ አልቆ ነበር፤ ካዚኖው ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ፍራንክ ሰብስቧል።

ሲበሉ እጥፍ የማስያዝ ዘዴ ማርቲንጌል ይባላል። ከሞንቴ ካርሎም በፊት የኖረ ነው። ጃኮሞ ካዛኖቫ በ1754 ቬኒስ ውስጥ በዚህ ዘዴ እየቆመረ ለተወሰነ ጊዜ ቀንቶት እንደነበር፣ በኋላ ግን የራሱንም ሆነ ወዳጁ የሰጠችውን ወርቅ እንደተበላ በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ዘዴው እስከ ዛሬ ከሰው ከንፈር ያልጠፋው ሲሰሙት ስሕተት ስለማይታይበት ነው። እኔም ጉዳዩን በቁጥር ዘርዝሬ ማሳየት የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ “ቁማር መጥፎ ነው” የሚለው ምክር፣ ስሌቱ የማያፈናፍን ለሚመስለው ሰው መልስ አይሆነውም።

ዘዴው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ቀይ ላይ 10 ዩሮ ያስይዛል። ካሸነፈ 10 ዩሮ አተረፈ፤ እንደገና ከ10 ይጀምራል። ከተበላ 20፣ እንደገና ከተበላ 40፣ ከዚያ 80 ያስይዛል። ሦስት ጊዜ ተበልቶ በአራተኛው ቢያሸንፍ፣ የጠፋበት 10፣ 20 እና 40 ተደምሮ 70 ነው፤ የሚያገኘው 80 ነው፤ 10 ዩሮ ይተርፈዋል። በስንተኛውም ዙር ቢያሸንፍ ትርፉ ያችው 10 ዩሮ ናት። ቀይ አንድ ቀን መውጣቱ ስለማይቀር፣ ማሸነፉም የማይቀር ይመስላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ትርፉ ባለበት ቆሞ ለአደጋ የሚጋለጠው ገንዘብ ብቻ ማደጉ ነው። ስምንት ጊዜ የተበላ ሰው በዘጠነኛው 2560 ዩሮ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው መጀመሪያ ላይ የፈለጋትን 10 ዩሮ ለማግኘት ነው።

እያንዳንዱ የሩሌት ጠረጴዛ ደግሞ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን ተጽፎበታል። ለምሳሌ ዝቅተኛው 10፣ ከፍተኛው 5000 ዩሮ ይሁን። ከ10 ተነስቶ እጥፍ እያደረገ የሚሄድ ሰው 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640፣ 1280 እና 2560 ያስይዛል። ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። አሥረኛው 5120 ስለሆነ አጫዋቹ አይቀበለውም። እስከዚያ የጠፋው ሲደመር 5110 ዩሮ ነው። ተጫዋቹ እልህ ይዞት የተፈቀደውን 5000 ሙሉ ቢያስይዝና ቢያሸንፍ እንኳ 110 ዩሮ ከስሮ ይነሳል፤ ቢበላ ደግሞ ኪሳራው ከአሥር ሺህ ያልፋል።

አሁን ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ መበላት ምን ያህል እንደሚያጋጥም እንይ። ከመጀመሪያው 10 ዩሮ ተነስቶ እስኪያሸንፍ፣ አለዚያም ጣሪያው እስኪያቆመው ያለውን አንድ ጉዞ እንበለው። ጨዋታው እኩል ለእኩል የሆነ ሳንቲም የመወርወር ጨዋታ ቢሆን ኖሮ፣ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ መበላት በአማካይ ከ512 ጉዞ አንዴ ይደርሳል። በቀሩት 511 ጉዞዎች ተጫዋቹ አሥር አሥር ዩሮ ያገኛል፤ ድምሩ 5110 ዩሮ ነው። በዚያች በአንዷ ጉዞ የሚያጣው ስንት ነበር? 5110 ዩሮ። ሁለቱ ቁጥሮች ሳንቲም ሳይዛነፍ እኩል ናቸው፣ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ፍትሐዊ በሆነ ጨዋታ ላይ እንኳ እጥፍ ማስያዝ ምንም አያተርፍም፤ ብዙ ትንንሽ ትርፎችን በአንድ ትልቅ ኪሳራ ይለውጣል፣ ያ ብቻ ነው።

ሩሌት ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። የአውሮፓው ሩሌት 37 ቤቶች አሉት፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ አንድ አረንጓዴ ዜሮ። ቀይ ላይ ያስያዘ ሰው ጥቁር ሲወጣም ዜሮ ሲወጣም ይበላል። ስለዚህ ከ37ቱ ቤቶች 19ኙ በእሱ ላይ ናቸው። አንዷ ዜሮ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በዘጠኝ ዙር እየተባዛች ስትሄድ፣ በ512 ጉዞ አንዴ የነበረውን አደጋ በ403 ጉዞ አንዴ ታደርገዋለች። እንግዲህ በ402ቱ ጉዞ 4020 ዩሮ ይሰበሰባል፣ በአንዱ 5110 ይሄዳል። ጉድለቱ 1090 ዩሮ ነው። ሁለት ዜሮ ባለው በአሜሪካው ሩሌት ደግሞ መዓቱ በ323 ጉዞ አንዴ ይመጣል፤ የሚሰበሰበው 3220 ብቻ ሲሆን የሚጠፋው ግን ያው 5110 ነው።

በ403ቱ ጉዞዎች ተጫዋቹ በጠቅላላው ያስያዘው ገንዘብ ቢደመር በአማካይ ወደ 40,400 ዩሮ ይጠጋል። 1090 የዚህ ገንዘብ አንድ ሠላሳ ሰባተኛ፣ ማለትም 2.7 በመቶ ግድም ነው። በየዙሩ 10 ዩሮ ብቻ እያስያዘ የሚጫወት ሰውም ካስያዘው ገንዘብ የሚያጣው በአማካይ ያንኑ 2.7 በመቶ ነው። የካዚኖው ድርሻ በማርቲንጌል ሳንቲም አይቀነስም። የሚለወጠው ኪሳራው የሚመጣበት መንገድ ነው፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይጠፋ የነበረው ተጠራቅሞ ባንድ ሌሊት ይወድቃል።

ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው። በሰዓት 40 ዙር ይደረጋል ብንልና አንድ ሰው በምሽት አራት ሰዓት ቢጫወት 78 ያህል ጉዞዎችን ያደርጋል። መዓቱ ካልመጣ 780 ዩሮ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአንድ ምሽት መዓቱን የመገናኘት ዕድሉ 18 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ አብዛኛው ምሽት የድል ምሽት ነው። መቶ ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ምሽት ቢጫወቱ፣ ሠላሳ ስምንት የሚሆኑት አንድም ጊዜ ሳይሰናከሉ 3900 ዩሮ ያህል አትርፈው ይወጣሉ። “ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል” የሚሉት እነዚህ ናቸው፤ ውሸታቸውንም አይደለም። ግን የቀሩት ስልሳ ሁለቱ ያጡት ሲደመር እነሱ ካገኙት ይበልጣል፤ እነሱም በስድስተኛውና በሰባተኛው ምሽት የሚጠብቃቸው ያው የ18 በመቶ አደጋ ነው። የእስካሁኑ ድል አደጋውን በፍጹም አይቀንሰውም። ስምንት ጊዜ ለተበላውም እንደዚሁ፤ ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም፣ በዘጠነኛውም ከ37 ቤቶች 19ኙ በእሱ ላይ ናቸው።

ብዙ ሰው ታዲያ ጥፋቱን በጣሪያው ላይ ያደርጋል፤ ካዚኖው ፈርቶ ገደብ ባያደርግ ኖሮ ዘዴው ይሠራ ነበር ይላል። በዚህ አልስማማም፤ ቁጥሩም አይስማማም። ጣሪያው ከፍ ብሎ አሥረኛ ዙር ቢፈቀድ፣ ተጫዋቹ 10,230 ዩሮ ይዞ መምጣት አለበት። ያን ሁሉ የሚያጣው በ784 ጉዞ አንዴ ነው፤ እውነትም መዓቱ ይርቃል። በ783ቱ ግን የሚሰበስበው 7830 ብቻ ነው። ጉድለቱ 2400 ሆነ። በአንድ ጉዞ ሲካፈል ከ2.70 ወደ 3.06 ዩሮ አድጓል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ዜሮዋን አንድ ጊዜ ጨምሮ ስለሚያባዛት፣ ጣሪያው በራቀ ቁጥር አማካይ ኪሳራው ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

ጣሪያው ፈጽሞ ቢነሳስ? ያኔ ጣሪያ የሚሆነው ኪስ ነው። በሞንቴ ካርሎ በዚያ ሌሊት ከመጀመሪያው ጥቁር ጀምሮ ቀይ ላይ ከ10 ተነስቶ እጥፍ ያስያዘ ሰው ቢኖርና ማንም ባያግደው፣ ለሃያ ሰባተኛው ዙር 671,088,640 ማስያዝ ነበረበት፤ አሁንም 10 ለማትረፍ። በሒሳብ ዓለም ማለቂያ የሌለው ገንዘብ፣ ማለቂያ የሌለው ጊዜና ጣሪያ የሌለው ጠረጴዛ ላለው ተጫዋች ዘዴው በእርግጥ ይሠራል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ዱብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ታዋቂ እርጉጥ ከዚህ በመለስ ያለውን በር ይዘጋዋል፦ ገንዘቡ ወይም የዙሩ ብዛት ገደብ ካለው፣ መቼ እንደሚቆምና ስንት እንደሚያዝ የሚወስን ማንኛውም ብልሃት ፍትሐዊ ጨዋታን አትራፊ አያደርገውም። የሚያከስረውንማ ጨርሶ።

ይህ ለሩሌት ብቻ የሚነገር አይደለም። እዚህ አገርም በእግር ኳስ ውርርድ ቤት እየተበላ በሚቀጥለው ትኬት እጥፍ የሚያስይዝ ወጣት ሞልቷል። የእሱ ሁኔታ ከሩሌቱ ይከፋል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ውጤቶች እኩል ዕድል ቢኖራቸው እንኳ ውርርድ ቤቱ የሚከፍለው ሙሉ እጥፍ አይደለም። ኦዱ 1.90 ነው እንበል። 10 ብር፣ 20፣ 40 እና 80 አስይዞ አራቱንም ከተበላ በኋላ በአምስተኛው 160 ብር ቢያስይዝና ቢያሸንፍ 304 ብር ይከፈለዋል። ለአምስቱ ትኬቶች ያወጣው 310 ብር ነው። የጠፋውን ለማስመለስ በየጊዜው ከእጥፍ በላይ ማስያዝ ይኖርበታል፤ ያን ካደረገ ደግሞ የኪሱም የቤቱም ጣሪያ ከሩሌቱ ይልቅ ቶሎ ይደርስበታል።