ላዩ ሙቅ ታቹ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ራዲያተር

በእንግሊዝ አገር አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በውኃ ነው። ቦይለር የሚባለው መሣሪያ ውኃውን በጋዝ ያሞቀዋል፤ ፓምፑም የሞቀውን ውኃ በቧንቧ እየገፋ በየክፍሉ ወደ ተሰቀለው የብረት ራዲያተር ያደርሰዋል፤ ውኃውም ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። በለንደንና በሌሎቹ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን የብርዱ ወራት ሲገባ፥ የራዲያተሩ ላይ እያቃጠለ ታቹ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኙታል። በዚህ ጊዜ የጋዙ ገንዘብ እየተከፈለ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በብርድ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱም ጥፋቱ የቦይለሩ መስሎት በከንቱ አዲስ ይገዛል። ስለዚህ የነገሩን ምክንያትና መድኃኒቱን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

አስቀድሞ በእጅ ዳስሶ መለየት ይገባል። ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ የሞቀ እንደ ሆነ በውስጡ አየር ገብቷል ማለት ነውና፥ ከላይ በጫፉ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቁልፏ ላላ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ይበቃል። ሁለመናው የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ቫልቩ ተጣብቋል። ላዩና ዳር ዳሩ ሞቆ ታቹ፥ ይልቁንም መካከሉ፥ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ግን ዝቃጭ ተኝቶበታል።

ይህ ዝቃጭ ከውጭ የመጣ ጭቃ አይደለም፤ የራዲያተሩ የራሱ ብረት ነው። በውኃ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ብረቱን ይበላዋል፤ ከዚያም ማግኔታይት የሚባል ጥቁርና ከባድ ደቃቅ ዱቄት ይወጣል። ውኃው በራዲያተሩ ውስጥ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ እየተከመረም የሙቁን ውኃ መንገድ ይዘጋል። ይህን ለማረጋገጥ ከራዲያተሩ ጥቂት ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ ማግኔት ከውጭ ማስጠጋት ነው፤ ጥቁሩ ዱቄት ወደ ማግኔቱ ይሰበሰባል። ውኃው ቀይ ቡናማ የሆነ እንደ ሆነ ግን አዲስ አየር ገና እየገባ ነውና፥ ውኃ የሚያፈስ ቦታ ተፈልጎ ካልተደፈነ በቀር እጥበቱ ዘላቂ አይሆንም።

አሁን ስምንት ራዲያተር ባለው ቤት የሳሎኑ አንዱ ብቻ ታመመ እንበል። ቦይለሩ ይጠፋል፤ ውኃው እስኪበርድም ይጠበቃል። ከዚህ በኋላ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ቫልቮች ይዘጋሉ። አንዱ በክፍሉ ሙቀት ልክ ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ተከፍቶ ውኃ እንዳያፈስ የመዝጊያ ክዳኑ ይደረግበታል። ሁለተኛው ለየክፍሉ የሚደርሰውን ውኃ የሚመጥነው ነውና፥ እስኪዘጋ ስንት ዙር እንደ ዞረ ተቆጥሮ ይጻፋል። ከሥሩ ሳሕን ተደርጎ፥ ቫልቩ በአንድ መፍቻ ተይዞ፥ ማያያዣው በሌላ መፍቻ ይላላል፤ የላይኛዋም ብሎን ስትከፈት ውኃው ይወርዳል። ጥቁሩ ውኃ ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም። ራዲያተሩም ከባድ ነውና ሁለት ሰዎች ቀዳዳዎቹን ደፍነው ወደ ደጅ ያወጡታል፤ በጎማ መዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ፥ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ ጫፍ ውኃ እየለቀቁ፥ ጥሩ ውኃ እስኪወጣ ድረስ ያጥቡታል። ከተመለሰም በኋላ ቫልቡ በተጻፈው ዙር ልክ ይከፈታል፤ አየሩ ይወጣል፤ የውኃውም ግፊት በቀዝቃዛነቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይደረጋል።

ብዙዎቹ ራዲያተሮች እንዲሁ የሆኑ እንደ ሆነ ግን አንድ በአንድ ማውረድ አይበጅም። ባለሙያው በብርቱ ፓምፕና በማጽጃ መድኃኒት ውኃውን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ሁሉንም ያጥባል። ብረቱ በዝገት የሳሳ አሮጌ ራዲያተር በዚህ ጊዜ ሊያፈስ ይችላልና አስቀድሞ መታየት አለበት።

የማግኔቱ ማጣሪያ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የሚገጠመውም ውኃው ወደ ቦይለሩ በሚመለስበት ቧንቧ ላይ፥ በቦይለሩ አጠገብ ነው፤ በውስጡ ያለው ማግኔት የሚያልፈውን የብረት ዱቄት ይይዛል። በእንግሊዝ አገር ቢ.ኤስ. 7593 የሚባለው ደንብ በ2019 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲታደስ እንዲህ ያለ ማጣሪያ በቋሚነት እንዲገጠም አመልክቷል። ነገር ግን ማጣሪያው የሚይዘው ወደ እርሱ የመጣውን ብቻ ነው፤ በራዲያተሩ ሥር አስቀድሞ የተኛውን ስቦ አያወጣም፤ ከጠንካራ ውኃ የሚወጣውንም የኖራ ቅርፊት ማግኔቱ አይስበውም። ስለዚህ ሳያጥቡ ማጣሪያውን ብቻ የገጠሙ ሰዎች ክፍላቸው እንደ ቀዘቀዘ ይቀራል።

ማጣሪያው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ከእጥበት በኋላ ባሉት ሳምንታትም ቶሎ ቶሎ፥ ቦይለሩ ጠፍቶና በርዶ ሁለቱ ቫልቮቹ ተዘግተው ይጸዳል። በመጨረሻም ዝገት የሚከለክለው መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በውኃው ይጨመራል፤ ራዲያተር በታጠበ ጊዜ የቀድሞው መድኃኒት ከፊሉ ከውኃው ጋራ ፈስሷልና። የቦይለሩን ሽፋን መክፈትና ጋዙን መንካት ግን በአገሩ ሕግ ለተመዘገበ የጋዝ ባለሙያ ብቻ የተፈቀደ ነው።