የጉሮሮ ሕመምና ለትምህርት ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ

ልጅ ሲታመም ብዙ እናቶች ለመምህሩ የሚልኩት ወረቀት «አሞት ነበር» ከማለት አያልፍም። ጉሮሮውን ያመመው በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። ባክቴሪያው በሳልና በቅርብ ንክኪ ወደ ሌሎች ተማሪዎች ስለሚተላለፍ፣ መምህሩ ሕመሙንም ሕክምናው የተጀመረበትን ሰዓትም ማወቅ አለበት። ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ለ3ኛ ክፍል ኃላፊ መምህር
ጉዳዩ፦ ልጄ ከትምህርት የቀረበትን ምክንያት ስለማሳወቅ

ልጄ እሑድ ማታ ድንገት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ስለጀመረው ሰኞና ማክሰኞ ከትምህርት ቀርቷል። ሐኪም መርምሮት በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም መሆኑን ነግሮናል። አሞክሲሲሊን መውሰድ የጀመረው ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 24 ሰዓት ካለፈውና ትኩሳቱ ከጠፋለት መማር እንደሚችል ሐኪሙ ስለመከረን፣ ረቡዕ ይመጣል። መድኃኒቱን እስከሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ማታ፣ ጠዋትና ማታ ቤት ውስጥ ይወስዳል።
ከሠላምታ ጋር

ማክሰኞ ጠዋት ልጁ ቀለል ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው መድኃኒት 24 ሰዓት ገና አልሞላም። አንዳንድ ሐኪሞች 12 ሰዓት ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ሙሉውን ቀን መጠበቁን እመርጣለሁ። ትኩሳቱ ጠፋ የሚባለውም ፓራሲታሞል ሳይሰጠው ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ማስታገሻ ተሰጥቶት የሄደ ልጅ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ክፍል ውስጥ መልሶ ይተኩሰዋል።

ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ በመመርመር ነው። ምርመራው በሌለበት ቦታ ምልክቶቹን ያያል፦ ትኩሳት፣ ያበጠና መግል የያዘ ቶንሲል፣ ሲነካ የሚያም የአንገት ዕጢ። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይጠቅምም።

በጣም የሚያሳስበኝ ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፤ የቀረው ሽሮፕም ለሌላ ጊዜ ተብሎ ይቀመጣል። የታዘዘው ግን ለ10 ቀን ነው። ሕመሙ በወጉ ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያደርገው ውጊያ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊጎዳ ይችላል። የልብ ቫልቭ ከተጎዳ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊከተለው ይችላል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው፤ በአገራችንም ብዙ ወጣቶችን ያሠቃያል። እንጥል ማስቆረጥም ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ የደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል እንጂ።

ልጁ ምራቁን መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ካቃተው በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ አብጦ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ከዞረ፣ ወይም ሲራመድ ትንፋሽ ካጠረው፣ እናቱ የቀደመውን የጉሮሮ ሕመምና የወሰደውን መድኃኒት ለሐኪሙ ትንገረው።